ጉልቻው ለምን ተነቀለ?

ደሴ ላይ ለንባብ ወዳጆች የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የመጣሁት ስለ አንድ አጭር ልብ ወለድ ላወራችሁ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰዎቹ የፈጠራ ናቸው፤ አገሩ ግን የእናንተው ነው፤ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ቃሉ፣ ባቲ። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ሰዓዳ የምትባል ደራሲ የልብ ወለዷን ሴራ በሙሉ የያዘ የስልክ ውይይት ይጠፋባታል፤ ከባዶ ተነሥታ መልሳ ትሠራዋለች። ረቂቁን ያነበቡ ወዳጆቼ ሁሉም አንድ ነገር ጠየቁኝ። «መልሳ ሠራችው ማለት ቀላል ነው፤ እንዴት ሠራችው?» አሉ። እውነታቸውን ነበር። በመጀመሪያው ረቂቄ ላይ ሰዓዳ አልቅሳ፣ አድራ፣ ጠዋት ተነሥታ መጻፍ ትጀምራለች። እንዲህ አይደረግም። የጠፋ ሴራ በቁርጠኝነት አይመለስም። ስለዚህ ያንን ክፍል አውጥቼ ጣልኩትና መልሼ ጻፍኩት፤ ዛሬም የምነግራችሁ እሱን ነው።

መጀመሪያ እንዴት እንደጠፋ ልንገራችሁ። ሰዓዳ ደሴ ትኖራለች። አብሮ አደጓ አስቴር ከ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ኮምቦልቻ፣ አስተማሪ ናት። ሰዓዳ ሴራ የምታስበው እየተናገረች ነው። ብዕር ስትይዝ ዓረፍተ ነገር ይመጣላታል፤ «ታዲያ ከዚያስ?» የሚላት ሰው ስታገኝ ደግሞ ታሪክ ይመጣላታል። ለ11 ወራት ከሆጤ ወደ ፒያሳ በእግሯ ስትሄድ ለአስቴር የድምፅ መልእክት ትልክ ነበር፤ አስቴርም ከክፍል ስትወጣ ሰምታ በጽሑፍ ትመልሳለች። ትጠይቃለች፣ ትቃወማለች፣ አንዳንዴ «ይህን አላምንም» ብቻ ብላ ትተዋለች። ሴራው የተሠራው በዚያ ውይይት ውስጥ ነው። በደብተር የተጻፈው 41 ገጽ ብቻ ሲሆን እሱም የታሪኩን መነሻ አያልፍም።

አንድ ቅዳሜ የሰዓዳ ስልክ ሞላ። የእህቷ ልጅ፣ የ14 ዓመት ልጅ ነው፣ «አክስቴ፣ ላጽዳልሽ» ብሎ ተቀበላት። መጀመሪያ የተጠራቀሙትን የድምፅና የምስል ፋይሎች ሰረዘ። ቀጥሎ ብዙ ቦታ የያዘውን ውይይት መረጠና አጠፋው። ስልኩ ሲያጠፋ ትንሽ ሳጥን አሳይቶ ይጠይቃል፤ ከሌላኛዋም ወገን ይጥፋ ወይ? ልጁ ሳጥኗን ነካት። ለአምስት ሰከንድ ያህል መመለሻ ቁልፍ ታየና ተሰወረ። በቃ። እንዲህ የተሰረዘ ውይይት ከሁለቱም ስልኮች ላይ ይነሣል፤ ከመልእክት መላኪያው ድርጅት ኮምፒውተርም ተመልሶ የሚወርድ ነገር የለም። አስቴር የዚያን ቀን ከሰዓት ስልኳን ስትከፍት የሰዓዳ ስም ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። የተጣላች መስሏት ደወለች።

ፈለጉ። ከውይይቱ ተወስዶ ወደ ሌላ ሰው የተላለፈ መልእክት ራሱን የቻለ ቅጂ ስለሆነ ዋናው ቢጠፋም ይተርፋል፤ ስለዚህ ሁለቱም ለሌሎች ያስተላለፉትን አንድ በአንድ አዩ። የባቲ ገበያ ሁለት ፎቶግራፎች ተገኙ። ኮምፒውተር ላይ የወረደ ቅጂ ኖሮ አያውቅም። የድምፅ ፋይሎቹን ደግሞ ልጁ አስቀድሞ አጽድቷቸዋል። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሰዓዳም አልቆየችበትም።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ። የደብተሩ ታሪክ በ1965 ዓ.ም. ቃሉ ውስጥ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ይፈጸማል። ያን ዘመን እዚህ ላለን ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ የ64ቱ ክረምት ከዳ፣ ቀጥሎ የ65ቱ በልግ ከዳ፣ ወሎ ተራበ። ተራኪዋ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። አባቷ የቀረውን አንድ በሬ ሊሸጥ እሑድ ጎህ ሲቀድ ወደ ባቲ ይነዳል። ገበያው እንደምታውቁት ሰኞ ነው። አባት ይመለሳል፤ በሬ የለም፣ እህል የለም፣ ገንዘብ የለም። ደብተሩ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ይቆማል። የበሬው ዋጋ የት ገባ? መልሱ በውይይቱ ውስጥ ነበር፤ ልብ ወለዱም በሞላ የቆመው በዚያ መልስ ላይ ነው።

«እንዴት ይረሳል?» ትሉ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ ብያለሁ። ነገር ግን ሰዓዳ በ11 ወራት ውስጥ ለዚህ ጥያቄ ስምንት ወይም ዘጠኝ መልስ ሰጥታ ነበር። እያንዳንዱን አስቴር ስትቃወም ትጥለዋለች፣ ሌላ ታመጣለች። ሁሉም በተመሳሳይ ድምፅ፣ በተመሳሳይ ስሜት የተነገሩ ናቸው። የትኛው የተጣለ፣ የትኛው የጸና እንደሆነ የሚያውቀው ውይይቱ ነበር፤ እሷ ጽፌዋለሁ ብላ አእምሮዋን አሳርፋው ነበር።

ሰዓዳ ብልህ ናት። አስቴር «ነይ፣ ቁጭ ብለን እናስታውስ» ስትላት እንቢ አለች። «መጀመሪያ ለየብቻ እንጻፍ። አንቺ ከነገርሽኝ በኋላ የአንቺን ትዝታ የእኔ አደርገዋለሁ፤ ከዚያ መለየት አልችልም» አለቻት። ሦስት ቀን ለየብቻ ጻፉና ኮምቦልቻ አስቴር ቤት ተገናኝተው ወረቀት ተለዋወጡ። ሁለቱም የጻፉት አንድ ነበር፦ አባትየው ከባቲ ሲመለስ ሽፍታ ዘረፈው።

አስቴር ደስ አላት። ሁለት ሰው ሳይመካከር አንድ ነገር ከመሰከረ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ሰዓዳ ግን ፊቷ ጠቆረ። ለምን እንደጠቆረ ለማስረዳት አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ፍሬደሪክ ባርትሌት ይባላል፤ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ሊቅ ነበር። በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንግሊዛውያን አንድ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ተረት አንብበው፣ ቆየት ብለው መልሰው እንዲጽፉት አድርጓል። ተረቱ ለእነሱ እንግዳ ነው። መልሰው ሲጽፉት አጠረ፣ ለሰሚው ቀና፤ ታንኳው ተራ ጀልባ ሆነ፣ የባሕር እንስሳ አደኑ ዓሣ ማጥመድ ሆነ፤ ግራ የሚያጋባውም ቦታ ወይ ተዘለለ ወይ ምክንያት ተበጀለት። ይህን ያደረጉት ሊዋሹ አይደለም። ሰው የጎደለበትን ቦታ ከዚህ ቀደም በሚያውቃቸው ታሪኮች ስለሚሞላ ነው።

ለደራሲ ይህ ከባድ ነገር ነው። ከሴራ ውስጥ አስቀድሞ የሚጠፋው እንግዳው ክፍል ነው፤ እንግዳው ክፍል ደግሞ የራሷ የሆነው ብቸኛው ክፍል ነው። የሚተርፈው ሁላችንም የምናውቀው ነው። በመንገድ ላይ የተዘረፈ ነጋዴ ታሪክ ወሎ ውስጥ ያልሰማ ማን አለ? ሁለቱ ሴቶች የተስማሙት ስላስታወሱ ላይሆን ይችላል፤ ከአንድ አገር ተረት ስለቀዱም ሊሆን ይችላል። ሰዓዳ ያለችው ይህን ነው፦ «አስቴር፣ ዘረፋ ቢሆን ኖሮ አንቺ አንድ ወር ሙሉ አትከራከሪኝም ነበር።»

እዚህ ላይ ሰዓዳ ትዝታዋን ትታ ወደ ደብተሩ ሄደች። አካሄዷን ልብ በሉልኝ። 41ዱን ገጽ የጻፈችው ውይይቱ እየተካሄደ ነው፤ ስለዚህ ስትጽፍ መልሱን የምታውቅባቸው ቀናት ነበሩ። መልሱን ያወቀ እጅ ደግሞ ሳያስበው ለመልሱ ያዘጋጃል፤ ዕቃ ያስቀምጣል፣ በር ገርበብ ያደርጋል። ስለዚህ ደብተሩን ለውበት ሳይሆን ለምርመራ አነበበችው። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ «ይህ ለምን ሆነ?» ምክንያቱ ደብተሩ ውስጥ ካለ አለፈችው። ምክንያቱ ከሌለ በቀይ አሰመረችበት። ብዙውን አለፈች። ዝናብ ስለጠፋ ላሚቱ ሞተች፤ ምክንያት አለው። ልጅቷ ስለራባት አለቀሰች፤ ምክንያት አለው። ሲያልቅ አራት ቀይ መስመሮች ቀሩ።

አንደኛው፦ አባት እሑድ ሄዶ ረቡዕ ሌሊት ተመለሰ። ሰኞ ገበያ የዋለ ሰው ማክሰኞ ማታ ቤቱ ይገባል። አንድ ቀን ይጎድላል።

ሁለተኛው፦ «አባቴ የበሬውን ገመድ በትከሻው ላይ ጥሎ ገባ። በማግስቱ ገመዱን ፈለግሁት፤ የለም።»

ሦስተኛው፦ «እናቴ የቡናውን ጉልቻ ከምሰሶው ሥር ነቅላ ወደ ግድግዳው ወሰደችው።»

አራተኛው፦ «የሚበስል ነገር ሳይኖር እሳታችን አይጠፋም ነበር።»

ዘረፋው ከእነዚህ አንዱንም አይፈታም። ሽፍታ ሰውን ያዘገያል እንበል፤ ጉልቻ ግን አያስነቅልም። ስለዚህ ዘረፋው ወደቀ።

አስቴር ጉልቻውን ስታይ ተነሣች። «አገኘሁት፤ ሚስት አግብቷል» አለች። ጎጆና ጉልቻ ትዳር ነው፤ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ሲባል የኖረውም ለዚሁ ነው። አባት የበሬውን ዋጋ ባቲ ለያዛት ሌላ ሴት ሰጠ፤ የጎደለችው ቀን እሷ ዘንድ ያደረባት ናት፤ እናት ስታውቅ ጉልቻዋን ነቀለች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ይህን ስጽፍ እኔም ለሁለት ቀን አምኜው ነበር። የጎደለችውን ቀን ይፈታል፣ ጉልቻውን ይፈታል። ገመዱንና እሳቱን ግን አይፈታም። ሰዓዳ ያን ሌሊት አልተኛችም፤ ምክንያቱም ከአራቱ ሁለቱን የሚፈታ መልስ ከምንም ከማይፈታው ይልቅ ያታልላል። ጠዋት ላይ ለአስቴር የነገረቻት ይህን ነው፦ «ይህን መልስ የሰጠን ተረቱ ነው። እኔ ስለ ጉልቻ ስጽፍ ስለ ተረቱ አላሰብኩም፤ አስቤ ቢሆን ኖሮ እናትየው ታለቅስ ነበር። እዚህ ላይ አታለቅስም፤ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ትለካለች።»

«ትለካለች» የሚለው ቃል ደብተሩ ውስጥ አለ። ያን ቃል ያኔ ነው ያየችው።

ሦስተኛው መልስ የመጣው ከራሷ ነው። እናትየው ወደ ግድግዳው ያዞረችው አንድ ነገር ለመሸፈን ይሆናል። ከጉልቻው ሥር ጉድጓድ አለ፤ በጉድጓዱ ውስጥ እህል አለ። አባት የበሬውን ዋጋ ዘር ገዝቶበታል፤ ለሚመጣው ዝናብ ዘር። ቤተሰቡ እየተራበ ዘሩ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ይጠብቃል። ይህን ስትናገር ሁለቱም ዝም አሉ፤ አስቴር እጇን አፏ ላይ አደረገች። እንግዳ ነው፤ ይከብዳል፤ ከማንም የተቀዳ አይደለም። የጎደለችውን ቀንም ይፈታል፤ አባት ዘሩን ይዞ በጠራራ ፀሐይ ወደ ተራበ መንደር አይገባም፤ ሸለቆ ውስጥ ተደብቆ ሌሊቱን ጠብቋል።

ሰዓዳ ግን እንዲህ ያለ ነገር በራሷ ቃል አታምንም። አስቴር ጎረቤት የቃሉ ሰው አለች፤ እማማ ዘሀራ፤ በ65 ልጅ ያዘለች ወጣት የነበረች። ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ። በአቦሉ ላይ ሰዓዳ ታሪኩን ነገረቻት። እማማ ዘሀራ እስከ ቶናው ዝም ብላ አዳመጠች።

«ምን ዘር ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ማሽላ ነው፣ እማማ።»

«ማሽላ ለዘር ከጉድጓድ አይገባም፣ ልጄ። ለመብል ነው ጉድጓድ። ከጉድጓድ የወጣ ማሽላ እርጥበት መትቶታል፣ ሽታውም ይለወጣል፤ ይበላል እንጂ አይበቅልም። ያ ሰው ገበሬ አይደለም እንዴ?»

«ታዲያ ዘር የት ይቀመጣል?»

እማማ ዘሀራ በእጇ ወደ ላይ አመለከተች። «ከነዛላው ይታሰርና ከእሳት በላይ ይሰቀላል። ጢስ ይጠጣል። ጢስ የጠጣ ዘር ነቀዝ አይደፍረውም፤ ይደርቃል፣ ዓመትም ይቆያል።»

እዚህ ላይ ንግግሬን ትንሽ ላዘግየው፤ ይህን ክፍል ስለምወደው። ሰዓዳ መልስ አልሰጠችም። ደብተሯን አወጣችና አራቱን ቀይ መስመሮች በተራ አነበበች፤ ጮክ ብላ። ገመዱ በማግስቱ ጠፋ፤ አባት ዛላዎቹን በገመዱ ከጣሪያው ማገር ጋር አስሮ ከሣሩ ሥር ደብቋቸዋል። እናት ጉልቻውን ነቅላ ወደ ግድግዳው ወሰደችው፤ ጢሱ ከተሰቀለው ዘር ሥር እንዲወጣ ነው፤ ለዚህ ነው ድንጋዩን እያስጠጋች ወደ ላይ የምትለካው። የሚበስል ሳይኖር እሳት አይጠፋም፤ እሳቱ ለሰው አልነበረም። ረቡዕ ሌሊት ገባ፤ ማንም እንዳያየው። አራቱም ተፈቱ። አንዱንም ማጣመም አላስፈለጋትም።

የጉድጓዱ መልስ ሁለቱን ፈትቶ ነበር፤ ሆኖም ስሕተት ነበር። ስሕተቱን ያወቀችው ደግሞ ዘር አንጠልጥላ የኖረች ሴት ናት፤ ከደራሲ ወገን የሚያውቀው አልነበረም። እኔም ይህን የተማርኩት ከገበሬ ነው። በረቂቄ ላይ ሰዓዳ በጉድጓዱ ረክታ ታሪኩ ያልቅ ነበር፤ አንድ የቃሉ ሽማግሌ አንብበው፣ ምንም ሳይሉ፣ «ዘሩ አይበቅልም» ብለው መለሱልኝ።

ከዚያ ሴራው በራሱ መሄድ ጀመረ፤ ይህም ትክክለኛ ምክንያት ሲገኝ የሚታይ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ሰዓዳ «ቀጥሎ ምን ይሁን?» ትል ነበር፤ አሁን ግን ቀጥሎ የሚሆነው ግልጽ ሆነ። ጢስ ከጣሪያ ይወጣል። በተራበ መንደር ጢስ የሚወጣበት ቤት የሚበላ ያለበት ቤት ነው። ጎረቤት ያያል። በሦስተኛው ቀን የጎረቤት ሴት ባዶ ሳሕን ይዛ በር ላይ ትቆማለች፤ እናትየው «የለንም» ትላለች፤ ሴትዮዋ ቀና ብላ ጢሱን ታያለች። እናትየው እሳቱን ካጠፋች ዘሩን ነቀዝ ይበላዋል፤ ካላጠፋች አገር ይጠላታል። ዘሩን አውርዳ ብትፈጭ 30 ዛላ ቤተሰቡን ሳምንት አያደርስም፤ መሬት ላይ ከወደቀ ግን ማሳ ያለብሳል። ትንሹ ወንድም ይታመማል። ልጅቷ ተኝታ ወደ ጣሪያው ስታይ ጥቀርሻ የለበሰውን ዛላ ታያለች፤ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ አትናገርም። በልጉ አይዘንብም። እሳቱ መቀጠል አለበት። ወንድሟ የሚሞተው ከዘሩ ሥር ነው።

በበረካው ላይ አስቴር ስኒዋን እንደያዘች፣ «ያን መልእክት የሰማሁት ወጥ ቤቴ ውስጥ ነበር» አለች። «ምን እንዳልሽ አላስታውስም። ግን ሰምቼ ሳበቃ ቀና ብዬ ጣሪያዬን አየሁ። ቆርቆሮ ነው። ለምን እንዳየሁት ሳስብ ነው የከረምኩት።»

ሰዓዳ ይህን ማመን ፈለገች፤ አላመነችምም። አስቴር ይህን ያለችው እማማ ዘሀራ እጇን ወደ ላይ ካነሣች በኋላ ነው፤ ትዝታው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፣ ከአሥር ደቂቃ በፊት የተወለደም ሊሆን ይችላል። የጠፋው ሴራ ይሄው ይሁን አይሁን የሚነግራት የለም፤ እኔም በታሪኩ ውስጥ አልነገርኳትም። ወረቀት ላይ ግን በዚያው ቁጭ እንዳለች አራቱን ምክንያቶች ጻፈች፤ እያንዳንዱ ለምን እንደተመረጠና የትኛው መልስ በምን ምክንያት እንደወደቀ ጭምር። አስቴር በሌላ ወረቀት ገለበጠችው።

እማማ ዘሀራ ረከቦቱ ሲነሣ ገና አልጨረሰችም ነበር።

«ያ ዘር» አለች፣ «የ66ቱን ዝናብ አገኘ?»

«አገኘ፣ እማማ።»

«ማን ዘራው?»

ሰዓዳ ይህን አላሰበችበትም። በሬው ተሽጧል። የሚያርስ የለም። ብዕሯን መልሳ አነሣች።